9 ይበዛል ወይስ 10? ሦስት ዳይስ፣ አንድ እቁብና የስምንተኛ ክፍል ፕሮጀክት

መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ጥያቄ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሦስት ዳይስ አንድ ላይ ሲጣል ድምሩ 9 የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል ወይስ 10 የሚሆንበት? 48 ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ተቀምጠዋል። ዳይሶቹ ከሉዶ መጫወቻ የመጡ ናቸው፤ ያላገኘው ቡድን ከካርቶን ቆርጦ ሠርቷል። ጠረጴዛው ላይ ሹራብ ተነጥፏል፤ ያለዚያ የ12 ቡድን ዳይስ ሲንኳኳ የጎረቤት ክፍል መምህር በር ያንኳኳል።

መወርወር ግን ገና አልተፈቀደም። መጀመሪያ መገመት ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን ታወጣለች።

«ቲቸር፣ እኩል ናቸው። ቆጥሬዋለሁ።»

ደብተሯ ላይ ያለው ዝርዝር ትክክል ነው። ለ9 የሚሆኑት 1፣2፣6፤ 1፣3፣5፤ 1፣4፣4፤ 2፣2፣5፤ 2፣3፣4፤ 3፣3፣3 ናቸው። ስድስት። ለ10 ደግሞ 1፣3፣6፤ 1፣4፣5፤ 2፣2፣6፤ 2፣3፣5፤ 2፣4፣4፤ 3፣3፣4። እነሱም ስድስት። ስድስት በስድስት ከሆነ እኩል ናቸው ማለት ምን ችግር አለው?

ይህን ያሉት ከእሷ በፊት ብዙዎች ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ ዳይስ የሚጫወቱ ሰዎች ይህንኑ ዝርዝር ይዘው ግራ ተጋብተው ነበር። ሒሳቡ እኩል ይላል፤ ለዓመታት ሲጫወቱ ያዩት ግን 10 ከ9 ትንሽ እንደሚበዛ ነው። ጥያቄው ፍሎረንስ ውስጥ የቶስካና መስፍን የሒሳብ ሊቅ ለነበረው ለጋሊሊዮ ቀረበ። እሱም ስለ ዳይስ አጭር ጽሑፍ ጻፈና ነገሩን ፈታው። ቴሌስኮፕ አላስፈለገውም። ያስፈለገው ከአንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አቅም በላይ ያልሆነ ጥንቃቄ ያለበት ቆጠራ ነበር። ለዚህም ነው ጥያቄው ከብዙ የዕድል ፕሮጀክቶች ተለይቶ የሚመረጠው። ሳንቲም አንድ መቶ ጊዜ ጥሎ «ግማሽ ገደማ ሆነ» ብሎ መጻፍ ማንም የማያነበው ሪፖርት ያስወጣል። እዚህ ግን መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ የለም፤ ያወቀ የመሰለውም ተሳስቷል።

ስህተቱ የት እንዳለ የሚታየው ዳይሶቹ ቀለም ሲኖራቸው ነው። መምህሩ ለዚህ በሁለት ዳይስ ይጀምራል፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ። ድምሩ 3 የሚሆነው ቀዩ 1 ነጩ 2 ሲሆን፣ ወይም ቀዩ 2 ነጩ 1 ሲሆን ነው፤ ሁለት መንገድ። ድምሩ 2 የሚሆነው ግን ሁለቱም 1 ሲሆኑ ብቻ ነው። የዳይሶቹ ቀለም አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ይህ አይለወጥም። ዓይናችን ሁለቱን አይለያቸው ይሆናል እንጂ ዳይሶቹ ሁለት ናቸው።

ተማሪዎቹ 6 በ6 የሆነ ሰንጠረዥ ሠርተው 36ቱን ሳጥኖች ይሞላሉ። ከዚያ ከ2 እስከ 12 ያለው እያንዳንዱ ድምር በስንት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ቆጥረው በአንድ መስመር ይጽፋሉ።

1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1

ወደ ላይ በአንድ በአንድ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ 7 የሚባለውን ድምር ነክቶ፣ በወጣበት መንገድ ይወርዳል። ይህን መስመር ደብተር ላይ ጎላ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የሦስቱ ዳይስ ምስጢር ሙሉ በሙሉ እዚሁ ውስጥ ነው።

አሁን ሦስተኛውን ዳይስ እንጨምር፣ ሰማያዊ ይሁን። ድምሩ 9 እንዲመጣ ሰማያዊው 1 ከሆነ የቀሩት ሁለቱ 8 መሆን አለባቸው። ከመስመራችን ላይ 8 አምስት መንገድ አለው። ሰማያዊው 2 ከሆነ የቀሩት 7፣ ይህም ስድስት መንገድ ነው። 3 ከሆነ 6 ያስፈልጋል፣ አምስት መንገድ። 4 ከሆነ አራት፣ 5 ከሆነ ሦስት፣ 6 ከሆነ ሁለት። ሲደመር 25 ይመጣል። ለ10 በዚሁ መንገድ ስንሄድ 4፣ 5፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እናገኛለን፤ ድምሩ 27 ነው። ሦስት ዳይስ በጠቅላላው 216 ዓይነት አወዳደቅ ስላለው የ9 ዕድል ከ216 25፣ የ10 ደግሞ ከ216 27 ነው። የልጅቷ ዝርዝር ውስጥ 3፣3፣3 ከ2፣3፣4 ጋር እኩል ተቆጥሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ግን በአንድ መንገድ ብቻ ሲመጣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ ጥሩ አይደለም፤ በእኔ ግምት የፕሮጀክቱ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ተማሪዎቹ ያደረጉትን ልብ ብለን ካየነው፣ የሁለቱን ዳይስ መስመር ላይ ስድስት ቁጥር ብቻ የሚያሳይ መስኮት አስቀምጠው በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን ደመሩ። ለ10 መስኮቱን አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ገፉት። በግራ በኩል 2 ወጣ፣ በቀኝ በኩል 4 ገባ፤ ስለዚህ ውጤቱ በ2 ጨመረ። ወረቀት ላይ መስኮት ቀዶ መስመሩ ላይ ማንሸራተት ይቻላል። ከ3 ጀምሮ ሲንሸራተት የሚሰጠው ይህን ነው።

1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15፣ 21፣ 25፣ 27፣ 27፣ 25፣ 21፣ 15፣ 10፣ 6፣ 3፣ 1

ቅደም ተከተል ፈልጉ የተባለ ተማሪ እስከ 21 ድረስ ደስ ብሎት ይሄዳል። ጭማሪው 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ነው፤ ቀጣዩ 7 መሆን አለበት፤ ስለዚህ 28 ይላል። ግን 25 ነው። ቅደም ተከተሉ ለምን ተሰበረ? ምክንያቱም ዳይስ ሰባተኛ ገጽ የለውም። መስኮቱ እስከዚያ ድረስ እየሞላ ነበር የሄደው። 21 ላይ ሲደርስ ስድስቱም ቦታ ሞላ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ቁጥር በገባ ቁጥር አሮጌው ይወጣል። የገባው 5፣ የወጣው 1፤ ጭማሪው 4። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁጥሮች ብቻ አይቶ «ደንቡ ይህ ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ስምንት ገጽ ያለው ዳይስ ቢሆን ኖሮ የት ላይ ይሰበር ነበር ብሎ መጠየቅ ለጎበዝ ተማሪ ጥሩ ተጨማሪ ሥራ ነው። መልሱ ከ36 በኋላ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን እሱው ይፈልገው።

አሁን መወርወር ይቻላል። እያንዳንዱ ቡድን 60 ጊዜ ይጥላል። አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ይደምራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አራተኛው ከሹራቡ የወጣ ወይም ደብተር ላይ ተደግፎ የቆመ ዳይስ ሲኖር «ይደገም» ይላል። የሚጻፈው ድምሩ ብቻ አይደለም፤ ሦስቱም ቁጥሮች ናቸው፣ በወጡበት ቅደም ተከተል። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይታያል።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ከአሥራ ሁለቱ ቡድኖች ስድስቱ 10 በዝቶላቸዋል። አምስቱ 9 በዝቶባቸዋል። አንዱ እኩል ነው። የፊት ወንበር ቡድን ጸሐፊ ተበሳጭቷል።

«ቲቸር፣ እኛ ተሳሳትን። ዘጠኝ በለጠብን።»

አልተሳሳቱም። ቁጥሩን እንመልከት። በ60 ውርወራ ውስጥ የሚጠበቀው የ9 ብዛት 7 ገደማ፣ የ10 ደግሞ 7 ተኩል ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ቡድን የሚያገኘው ቁጥር ግን በአጋጣሚ ብቻ በሁለት በሦስት ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሿ ልዩነት በትልቁ ውዥንብር ተውጣለች። የ12ቱም ቡድን ውጤት ተደምሮ 720 ውርወራ ሲሆን የሚጠበቀው 83 ለ90 ነው። ያኔም ቢሆን ከሦስት ክፍል በአንዱ ገደማ 9 ያሸንፋል። ልዩነቱን በልበ ሙሉነት ለማየት ከ10 ሺህ በላይ ውርወራ ያስፈልጋል። የጣሊያን ተጫዋቾች ልዩነቱን በዓይናቸው ማየት መቻላቸው ስንት ሌሊት እንደተጫወቱ ይናገራል።

ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ሳያውቁት ፕሮጀክቱን ያበላሹታል። «ቲዎሪውና ሙከራው ይስማማሉ» የሚል መደምደሚያ ይጠብቃሉ፤ ተማሪውም የሚጠበቅበትን ያውቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ያስተካክላል። 25 እና 27 ላይ ልክክ ብሎ የመጣ የ216 ውርወራ ሪፖርት ሊያስደስት አይገባም። ሊያስጠረጥር ነው የሚገባው። ሁሉም ቡድን እንዲህ ያለ ሪፖርት ካመጣማ ዳይስ አልተጣለም ማለት ይቻላል።

ሦስቱም ቁጥሮች በቅደም ተከተል ይጻፉ የተባለውም ለዚህ ነው። ሰው ከራሱ ቁጥር ሲፈጥር ድግግሞሽ ይሸሻል። 4 ከጻፈ በኋላ ወዲያው ሌላ 4 መጻፍ ውሸት ይመስለዋል። እውነተኛ ዳይስ ግን እንዲህ አይፈራም። አንድ ዳይስ 20 ጊዜ ተጥሎ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች አንዴም አንድ ዓይነት ሳይሆኑ የመቅረታቸው ዕድል ከ100 ሦስት ብቻ ነው። በ60 ውርወራ ደግሞ አሥር ያህል ቦታ ላይ ቁጥሩ ተደግሞ መታየት አለበት። ስለዚህ መምህሩ የአንዱን ዳይስ ዓምድ ብቻ ይዞ ወደ ታች እያየ ድግግሞሹን ይቆጥራል። 60 ቁጥር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ድግግሞሽ ብቻ ካገኘ ያ ዝርዝር የተጻፈው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ይህን ራሱን ፕሮጀክት ማድረግ ይቻላል። ግማሹ ክፍል ዳይስ ይጣል፣ ግማሹ ከራሱ ይፍጠር፣ ሌላ ተማሪ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ልጆቹ ከዚህ የበለጠ የሚወዱት ሥራ ያለ አይመስለኝም፤ መርማሪ መሆን ማን ይጠላል።

በካርቶን የተሠራው ዳይስ ሌላ ችግር አለው። ሙጫ የተቀባበትና ተደራርቦ የታጠፈበት ጎን ይከብዳል፤ ከባዱ ጎን ወደ ታች ስለሚያዘነብል ተቃራኒው ገጽ ይበዛል። መፈተሻው ቀላል ነው። ዳይሱን 120 ጊዜ መጣል፤ እያንዳንዱ ገጽ 20 ጊዜ ገደማ ይጠበቃል። 15 ወይም 26 ቢሆን ምንም አይደለም። ከ32 በላይ ወይም ከ8 በታች የሆነ ገጽ ካለ ግን ዳይሱን መለወጥ ነው። ከሱቅ የተገዛውም ቢሆን ፍጹም አይደለም። እንግሊዛዊው ዌልደን እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳወቀው ሥራ 12 ዳይስ 26,306 ጊዜ ተጥሎ ነበር። 5 እና 6 አንድ ላይ ከሦስት አንድ መሆን ሲገባቸው በጥቂቱ በለጡ፤ 0.3333 ሳይሆን 0.3377 ሆኑ። ነጥቦቹ ተቦርቡረው የሚሠሩ ከሆነ ብዙ ነጥብ ያለው ገጽ ትንሽ ይቀልላል፤ የሚታመነው ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለች ጥቃቅን ማዘንበል በክፍል ውስጥ ሙከራ አትታይም፤ የካርቶኑ ግን ትታያለች።

እስካሁን የተጣለው ዳይስ ነው። ዳይስ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፦ ያለፈውን አያውቅም። አሥር ጊዜ 6 ሳይወጣ ቢቀር በአሥራ አንደኛው 6 የመውጣት ዕድሉ ያው ከስድስት አንድ ነው። «ይህን ያህል ጊዜ ካልወጣ አሁን ይወጣል» የሚለው ተስፋ ሉዶ ላይም ሎተሪ ላይም ሰውን ያታልላል። ይህን ለልጆች መንገር ቀላል ነው። የሚከብደው እውነት ሆኖ የሚገኝበት ቦታ መኖሩን ሲያውቁ ነው። ያ ቦታ እቁብ ነው።

እቁብ ውስጥ ዕጣ የሚወጣበት መንገድ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። አንዱ ጋ ስም የተጻፈባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች ተጠቅልለው ከሣህን ውስጥ በሕፃን እጅ ይወጣሉ። ሌላው ጋ አባላቱ ራሳቸው በየተራ ያነሳሉ፣ ምልክት ያለባት አንዷ ብቻ ናት። ሁለተኛው ዓይነት ላይ ሁልጊዜ ክርክር አለ። ቀድሞ ያነሳ ይጠቀማል የሚሉ አሉ፤ ኋላ የሚያነሳ ይሻላል የሚሉም አሉ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ክርክር በአራት የመጫወቻ ካርታ መፍታት ይችላል።

ሦስት ተራ ካርታና አንድ የንጉሥ ሥዕል ያለበት ካርታ ይዞ በደንብ ያማታል፤ አራት ልጆች በየተራ አንድ አንድ ያነሳሉ፣ ሁሉም እስኪያነሱ ማንም አይገልጥም። የመጀመሪያው ልጅ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ሁለተኛው እንዲያገኝ መጀመሪያ የመጀመሪያው መሳት አለበት፤ ይህ ከአራት ሦስት ነው። ከዚያ ከቀሩት ሦስት ካርታዎች ንጉሡን ማንሳት አለበት፤ ከሦስት አንድ። ሦስት አራተኛ በአንድ ሦስተኛ ሲባዛ አንድ አራተኛ። ለሦስተኛው ሦስት አራተኛ፣ ሁለት ሦስተኛና አንድ ሁለተኛ ይባዛሉ፤ አሁንም አንድ አራተኛ። አራተኛውም ያው ነው። ተራው ምንም አይለውጥም። 40 ዙር ቢሞከር እያንዳንዱ ተራ 10 ጊዜ ገደማ ንጉሡን ያገኛል፤ 7 ወይም 13 ቢሆን እንዳይደነግጡ ከዳይሱ ተምረዋል።

«እሺ፣ ግን የመጀመሪያው ገልጦ ባዶ ቢሆንስ?» ይላል አንዱ ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ የሁለተኛው ዕድል ከአራት አንድ መሆኑ ቀርቶ ከሦስት አንድ ይሆናል። ዕድሉ የተቀየረው ካርታው ስለተቀየረ አይደለም፤ እኛ ያወቅነው ስለጨመረ ነው። የመንደሩ ክርክር የሚመጣው ሰው ይህን ከመጀመሪያው ጋር ሲያደባልቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ዳይሱንና እቁቡን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በየወሩ የሚወጣ የ12 ሰው እቁብ እንውሰድ፤ የወጣለት ከዕጣው ይወጣል። አንድ ያልወጣለት አባል በመጀመሪያው ወር ዕድሉ ከ12 አንድ፣ በሁለተኛው ከ11 አንድ፣ በሰባተኛው ከስድስት አንድ ነው። በአሥራ ሁለተኛው እርግጠኛ ነው። ሣህኑ ያለፈውን ያውቃል፤ የወጣው ወረቀት አልተመለሰምና። እዚህ «እስካሁን ካልወጣልኝ አሁን ዕድሌ ጨምሯል» ማለት ትክክል ነው። ዳይስ ግን 12 ጊዜ ተጥሎም 6 አንዴም ሳይወጣ የሚቀርበት ዕድል ከ100 11 ነው። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ መሣል ጥሩ ነው። የዳይሱ መስመር እንደተዘረጋ ይሄዳል፤ የእቁቡ መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ መጨረሻ ላይ ሽቅብ ይተኮሳል። (የብሩ ዋጋ በ12 ወር ውስጥ ስንት እንደሚወርድ ሌላ ፕሮጀክት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ሰው ግን እኩል ብር እንጂ እኩል ዋጋ እንደማያገኝ ልጆቹ ራሳቸው ያነሱታል።)

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ወረቀቱ በደንብ ከተማታ ብቻ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ለቬትናም ጦርነት የሚዘምቱ ወጣቶችን ቅደም ተከተል በልደት ቀን ዕጣ ስትወስን 366 ቀኖች በትንንሽ መያዣ ተደርገው ነበር። ከጃንዋሪ ጀምሮ በየወሩ ተራ ተጨመሩ፤ ማማታቱ ግን በቂ አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ከሚገባው በላይ ቀድመው ወጡ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በዲሴምበር የተወለደ ወጣት በጃንዋሪ ከተወለደው ይልቅ የመዝመት ዕድሉ ሰፋ። በቀጣዩ ዓመት አወጣጡ ተለወጠ። ለእቁብ ሣህንም ያው ነው፦ ወረቀቶቹ እኩል መጠን ይኑራቸው፣ በአንድ ዓይነት ይጠቅለሉ፣ ኋላ የተጻፈው ከላይ እንዳይቀር እጅ እስከ ታች ገብቶ ያማታቸው። ተማሪዎቹ ይህንንም መሞከር ይችላሉ፤ ከ1 እስከ 12 የተጻፉ ወረቀቶች በተራ ጨምሮ፣ አንዴ ብቻ ነቅንቆ፣ መጀመሪያ የወጣውን መመዝገብ። 60 ጊዜ ተደግሞ ከ7 እስከ 12 ያሉት 30 ገደማ ካልሆኑና 45 ከደረሱ ማማታቱ አልበቃም።

መምህራን፣ ውጤት ስትሰጡ አንድ ነገር አስቡ። 9 ከ10 በልጦ የመጣበትን ሪፖርት ነጥብ አትቀንሱበት። ነጥቡን ለጥሬው መዝገብ፣ ለ25 እና ለ27 ቆጠራ፣ እንዲሁም «የእኛ 60 ውርወራ ይህን ልዩነት ለማሳየት አይበቃም» ብሎ ለጻፈው ቡድን ስጡ።